ማጣሪያ ሲመረጥ የሚለወጡና የማይለወጡ ግራፎች፦ የሪፖርት ገጽ አነባበብና አደረጃጀት

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መረጃን በግራፍ፣ በቁጥር ካርድና በሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ላይ አሰባስበው ሲያቀርቡ፣ አብዛኛውን ጊዜ በገጹ አናት ወይም ጎን የመምረጫ ሳጥን ያኖራሉ። ተገልጋዩ ከሳጥኑ ውስጥ የሚፈልገውን ወረዳ፣ ከተማ ወይም ዓመት ሲመርጥ ግራፎቹ ከምርጫው ጋር የሚስማማውን መረጃ ብቻ ያሳያሉ። ይህ አሠራር ማጣሪያ ይባላል። ይሁን እንጂ አንድ ማጣሪያ በገጹ ላይ ባሉ ግራፎች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ላይኖረው ይችላል። አንዳንዶቹ ወዲያውኑ ሲለወጡ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ስሕተትም ሊሆን ይችላል። ተገልጋዩ የቱ እንደሆነ ሳይለይ ቁጥሩን ከወሰደ የዞኑን አኃዝ የከተማው ነው ብሎ በማመልከቻው ላይ ሊያሰፍር ይችላል።

የሚከተለው ማብራሪያ በቅድሚያ የሪፖርት ገጽ የሚያነቡ ተገልጋዮችን፣ ቀጥሎም ገጹን የሚያዘጋጁ የወረዳና የዞን ባለሙያዎችን ይመለከታል። የአዘጋጆቹ ክፍል ፓወር ቢአይ የተባለውን ፕሮግራም መሠረት ያደረገ ነው።

አንድ ገጽ በምሳሌነት

ስለ ሰሜን ወሎ ዞን ሕዝብ የተዘጋጀ አንድ የሪፖርት ገጽ ይታሰብ። በገጹ ላይ የዞኑን ወረዳዎችና ከተሞች የሚዘረዝር የመምረጫ ሳጥን አለ። ከእርሱ ሥር «የሕዝብ ብዛት» የሚል የቁጥር ካርድ፣ «የወንድና የሴት ድርሻ» የሚል ግራፍ፣ እንዲሁም ወረዳዎችንና ከተሞችን ጎን ለጎን የሚያነጻጽር የአሞሌ ግራፍ ተቀምጠዋል። መረጃው በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተወሰደ ነው። ቆጠራው በዕድሜ የገፋ ስለሆነ አኃዞቹ እዚህ የቀረቡት አሠራሩን ለማስረዳት እንጂ የዛሬውን የሕዝብ ብዛት ለማመልከት አይደለም።

በዚያ ቆጠራ መሠረት የዞኑ ሕዝብ 1,500,303 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 752,895 ወንዶች፣ 747,408 ሴቶች ነበሩ። የላሊበላ ከተማ ሕዝብ 17,367 ሲሆን 8,112ቱ ወንዶች፣ 9,255ቱ ሴቶች ነበሩ። የሴቶች ድርሻ በዞኑ 49.8 በመቶ፣ በላሊበላ ከተማ ግን 53.3 በመቶ ነው ማለት ነው።

ምንም ሳይመረጥ ገጹ ሲከፈት ካርዱ 1,500,303፣ የድርሻ ግራፉ ደግሞ ለሴቶች 49.8 በመቶ ያሳያል። ተገልጋዩ «ላሊበላ» ብሎ ሲመርጥ ካርዱ ወደ 17,367 ይወርዳል። የድርሻ ግራፉ ግን ከማጣሪያው ጋር እንዳይገናኝ ተደርጎ ከሆነ አሁንም 49.8 በመቶ እንዳለ ይቆያል። ዓይን የሚያርፈው በተለወጠው ትልቅ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ ያልተለወጠው ግራፍም የላሊበላን እንደሚያሳይ ተደርጎ ይነበባል። በከተማው የእናቶች አገልግሎት እንዲስፋፋ የሚጠይቅ ኮሚቴ በዚህ ገጽ ተመርኩዞ 49.8 በመቶውን በ17,367 ቢያባዛ 8,649 ሴቶች ያገኛል። ትክክለኛው ቁጥር 9,255 ስለሆነ 606 ሴቶች ከጥያቄው ውጭ ይቀራሉ። በገጹ ላይ የሰፈረው አኃዝ ሁሉ ለየራሱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሁለቱን እንደ አንድ አካባቢ መረጃ አድርጎ ማንበቡ ነው።

ሁሉም ግራፍ እንዲለወጥ የማይደረግበት ምክንያት

ከዚህ ተነሥቶ ማጣሪያው ሁሉንም መለወጥ አለበት ማለት አይቻልም። በምሳሌው ገጽ ላይ ወረዳዎችን የሚያነጻጽረው የአሞሌ ግራፍ በማጣሪያው ቢለወጥ፣ ላሊበላ ሲመረጥ ሌሎቹ አሞሌዎች ጠፍተው አንዱ ብቻ ይቀራል። የሚነጻጸርበት ሌላ አካባቢ የሌለው አሞሌ ደግሞ ምንም አያስረዳም። ስለዚህ ይህ ግራፍ ሳይለወጥ እንዲቆይ ማድረግ ተገቢ ነው። ለማነጻጸሪያ የተቀመጠ የዞን ወይም የክልል ድምር ካርድም እንዲሁ።

ጥፋቱ ያለው ያልተለወጠው ግራፍ ስለ ራሱ የማይናገር ሲሆን ነው። «የወንድና የሴት ድርሻ» የሚለው ርእስ የየትኛው አካባቢ እንደሆነ አይገልጽም። «የወንድና የሴት ድርሻ በሰሜን ወሎ ዞን፤ የወረዳ ምርጫ አይለውጠውም» ቢል ኖሮ ኮሚቴው አይሳሳትም ነበር።

ተገልጋዩ እንዴት ያረጋግጣል?

ቀላሉ ዘዴ ምርጫውን ሁለት ጊዜ መለወጥ ነው። በመጀመሪያ ምንም ሳይመረጥ በእያንዳንዱ ግራፍ ላይ ያለው አንድ አንድ ቁጥር ይመዘገባል። ከዚያ ላሊበላ ይመረጥና የተለወጡት ይለያሉ። በመጨረሻም በስፋትም ሆነ በሕዝብ ብዛት የተለየ ሌላ ወረዳ ይመረጣል። በሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ የቆየ ግራፍ ለማጣሪያው አይታዘዝም። አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር አስተማማኝ አይደለም፤ ምክንያቱም የአንዱ ወረዳ ድርሻ በአጋጣሚ ከዞኑ ድርሻ ጋር ሊቀራረብና ግራፉ ያልተለወጠ ሊመስል ይችላል።

በፓወር ቢአይ የተሠሩ ገጾች ላይ፣ አዘጋጁ ካልደበቀው፣ የመዳፊቱ ቀስት በአንድ ግራፍ ላይ ሲያርፍ በጥጉ የማጥለያ ቅርጽ ያለው ትንሽ ምልክት ይታያል። ቀስቱ በምልክቱ ላይ ሲሆን ግራፉን የሚገዙት ማጣሪያዎችና የመምረጫ ሳጥኖች ዝርዝር ይወጣል። በዝርዝሩ ውስጥ «ላሊበላ» ከሌለ ግራፉ የላሊበላ አይደለም። ይህ ዘዴ የመምረጫ ሳጥኑ በሌለበት ገጽ ላይ የሚሠራን ማጣሪያ ጭምር ስለሚያጋልጥ ከዓይን ግምት ይሻላል።

ግራፍን ራሱን ሲጫኑ

ማጣሪያ የሚመነጨው ከመምረጫ ሳጥን ብቻ አይደለም። በአንድ ግራፍ ውስጥ አንዱን አሞሌ መጫን ሌሎቹን ግራፎች ይለውጣል። እዚህ ላይ ውጤቱ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል።

በምሳሌው ገጽ ተገልጋዩ በድርሻ ግራፉ ላይ «ሴት» የሚለውን ክፍል ይጫናል እንበል። በአነጻጻሪው የአሞሌ ግራፍ ላይ ግንኙነቱ ማጣራት ከሆነ፣ የላሊበላ አሞሌ 17,367 መሆኑ ቀርቶ 9,255 ይሆናል፤ የወንዶቹ ቁጥር ከግራፉ ይወጣል። የግራፉ መስፈሪያም በአዲሱ መጠን ስለሚስተካከል አሞሌው ከቀድሞው ያላነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። ግንኙነቱ ማድመቅ ከሆነ ግን የ17,367ቱ አሞሌ በፈዘዘ ቀለም ባለበት ይቆይና ከውስጡ 9,255ቱ በደማቅ ቀለም ይታያል። ክፍሉ ከሙሉው ጋር አብሮ ስለሚታይ ለንባብ ይህ ይመረጣል። ሦስተኛው፣ ምንም ግንኙነት የሌለው ሲሆን አሞሌው አይነካም።

ፓወር ቢአይ አዘጋጁ ምንም ካላዘዘው የመምረጫ ሳጥን እንዲያጣራ፣ የአሞሌ ግራፍን መጫን ደግሞ ሌሎች የአሞሌ ግራፎችን እንዲያደምቅ ያደርጋል። የቁጥር ካርድና የመስመር ግራፍ መድመቅ ስለማይችሉ ይጣራሉ። በዚህ ምክንያት በአንድ ጊዜ መጫን አሞሌው ደምቆ ሙሉውን ሲያሳይ ካርዱ የሴቶቹን ብቻ ያሳያል። ተገልጋዩ ሳያስበው ግራፍ ነክቶ ከሆነ የተጫነውን ክፍል ደግሞ በመጫን ገጹን ወደ ነበረበት መመለስ ይችላል። በስልክ ገጽ የሚያነቡ ሰዎች ይህ ብዙ ጊዜ ይገጥማቸዋል፤ ጣት ገጹን ለመግፋት ሲሻ አሞሌ ይነካል።

ግንኙነቱን ማስተካከል፦ ለገጽ አዘጋጆች

በፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ በመጀመሪያ የሚመረጠው ተጽዕኖ የሚያሳድረው አካል ነው። በምሳሌው ይህ የመምረጫ ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ሲመረጥ ከላይ «Format» የሚል ትር ይታያል፤ በውስጡ «Edit interactions» የሚለው ይጫናል። በዚህ ጊዜ በገጹ ላይ ካሉት ሌሎች ግራፎችና ካርዶች እያንዳንዱ በላዩ ላይ ትናንሽ ምልክቶች ያወጣል። እነዚህም «Filter»፣ የተመረጠው አካል ግራፍ ከሆነ መድመቅ ለሚችሉት «Highlight»፣ እንዲሁም ክብ ውስጥ ሰያፍ መስመር ያለበት «None» ናቸው። በአነጻጻሪው የአሞሌ ግራፍ ላይ «None»፣ በካርዱና በድርሻ ግራፉ ላይ «Filter» ይመረጣል። ሥራው ሲያልቅ «Edit interactions» እንደገና ተጭኖ ይዘጋል።

ብዙ አዘጋጆች የሚዘነጉት ግንኙነቱ አንድ አቅጣጫ ያለው መሆኑን ነው። ከሳጥኑ ወደ አሞሌው ግራፍ የተደረገው ቅንብር ከአሞሌው ግራፍ ወደ ካርዱ ያለውን አይለውጥም። ስለዚህ ሳጥኑ የአሞሌውን ግራፍ ባይነካም፣ ሰው የላሊበላን አሞሌ ቢጫን ካርዱ ይለወጣል። ይህ ካልተፈለገ የአሞሌው ግራፍ ራሱ ተመርጦ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አዲስ ግራፍ በገጹ ላይ ሲጨመርም ከነባሮቹ ጋር ያለው ግንኙነት ፕሮግራሙ በራሱ በሚሰጠው መልክ ይገባል። ከወራት በኋላ ግራፍ የተጨመረበት ገጽ ቀድሞ በጥንቃቄ ቢዘጋጅም እንደገና መፈተሽ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

«None» የሚያግደው ከዚያ ከተመረጠው አካል የሚመጣውን ተጽዕኖ ብቻ ነው። ከጎን ባለው የማጣሪያ ሰሌዳ ላይ የሚቀመጡት ማጣሪያዎች በሌላ መንገድ ይሠራሉ። በ«Filters on this visual» ሥር የገባ ማጣሪያ የተመረጠውን አንድ ግራፍ፣ በ«Filters on this page» ሥር የገባው በገጹ ያለውን ሁሉ፣ በ«Filters on all pages» ሥር የገባው ሪፖርቱን በሙሉ ይገዛል። ላሊበላን በገጽ ማጣሪያ ያስገባ አዘጋጅ የዞኑ ድምር ካርድ ላይ «None» ቢያደርግም ካርዱ 17,367 ማሳየቱን አይተውም። አንዳንድ ግራፎችን ብቻ እንዲነካ የሚፈለግ ማጣሪያ በገጽ ደረጃ መቀመጥ የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ችግር የመምረጫ ሳጥንን በገጾች መካከል በማጣመር ይመጣል። «Sync slicers» በሚለው ሰሌዳ ላይ ለእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ምልክት ማድረጊያዎች አሉ፤ አንዱ ማጣሪያው በገጹ ላይ እንዲሠራ፣ ሌላው ሳጥኑ በገጹ ላይ እንዲታይ ያዛል። የመጀመሪያው ተመልክቶ ሁለተኛው ካልተመለከተ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላሊበላን የመረጠ ሰው ወደ ሁለተኛው ገጽ ሲያልፍ መረጃው በላሊበላ ተጣርቶ ይጠብቀዋል፤ ይህን የሚነግረው ሳጥን ግን በገጹ ላይ የለም። ለሕዝብ በሚቀርብ ገጽ ላይ ይህን ማድረግ አይመከርም።

አንድ ካርድ ግማሹ እንዲጣራ ግማሹ እንዳይጣራ ሲፈለግ

«ላሊበላ ከዞኑ ሕዝብ ስንት በመቶ ነው?» የሚለው ጥያቄ የግንኙነት ቅንብር የማይፈታው ነው። መልሱ 17,367 ለ1,500,303 ሲካፈል 1.16 በመቶ ነው። ካርዱ በ«Filter» ከተቀመጠ ተካፋዩም አካፋዩም ወደ 17,367 ይወርዱና ውጤቱ 100 በመቶ ይሆናል። በ«None» ከተቀመጠ ደግሞ ሁለቱም 1,500,303 ሆነው አሁንም 100 በመቶ ይመጣል። በምርጫ የማይነቃነቅ 100 በመቶ በገጽ ላይ ሲታይ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው። ቅንብሩ ካርዱን በጠቅላላ እንጂ በውስጡ ያለውን የስሌት ክፍል ለይቶ ስለማይነካ፣ ማጣሪያውን ከአካፋዩ ላይ የሚያነሣው ቀመሩ መሆን አለበት፦

```
የዞን ሕዝብ =
CALCULATE(
    SUM('ሕዝብ'[ቁጥር]),
    REMOVEFILTERS('ሕዝብ'[ወረዳ])
)
```

```
የዞን ድርሻ =
DIVIDE(SUM('ሕዝብ'[ቁጥር]), [የዞን ሕዝብ])
```

በዚህ ቀመር ካርዱ በ«Filter» ይቀመጣል፤ ላሊበላ ሲመረጥ ተካፋዩ ይጣራል፣ አካፋዩ ግን የወረዳውን ምርጫ አይቀበልም። በቅንፍ የሚጻፈው ዓምድ የመምረጫ ሳጥኑ የሚጠቀምበት ዓምድ ራሱ መሆን አለበት። ሳጥኑ ወረዳዎችን ከሌላ ሠንጠረዥ የሚያመጣ ከሆነ ማጣሪያው አይነሣም፤ 100 በመቶውም ይመለሳል።

ቀመሩ የሚያነሣው የወረዳን ማጣሪያ ብቻ መሆኑም መታወቅ አለበት። ላሊበላ ተመርጦ በድርሻ ግራፉ ላይ «ሴት» ቢጫን፣ ካርዱ 9,255ን ለ747,408 አካፍሎ 1.24 በመቶ ያሳያል። ይህ «ከዞኑ ሴቶች ውስጥ ስንት በመቶዎቹ በላሊበላ ይኖራሉ» ለሚለው ትክክለኛ መልስ ነው፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ግን መልስ አይደለም። አዘጋጁ ይህን የማይፈልግ ከሆነ ከድርሻ ግራፉ ወደ ካርዱ ያለውን ግንኙነት «None» ያደርጋል።

ቅንብሩ ትክክል ሆኖ ግራፉ የማይታዘዝ ሲሆን

ሁሉም ነገር በ«Filter» ተቀምጦ ግራፉ ካልተለወጠ ወይም ባዶ ከሆነ ችግሩ ያለው በመረጃው ውስጥ ነው። ሁለቱን ምልክቶች መለየት ፍለጋውን ያሳጥራል። የትኛውም ወረዳ ቢመረጥ ያንኑ ድምር የሚያሳይ ግራፍ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሠንጠረዥ የመጣና ከመምረጫ ሳጥኑ ሠንጠረዥ ጋር ዝምድና ያልተፈጠረለት ነው። ለምሳሌ የጎብኚዎች መዝገብ ከሕዝብ ሠንጠረዥ ጋር ሳይያያዝ በአንድ ገጽ ላይ ከተቀመጠ ማጣሪያው የሚያልፍበት መንገድ የለውም።

ለአንዳንድ አካባቢዎች በትክክል ሠርቶ ለሌሎች ባዶ የሚሆን ግራፍ ግን ብዙውን ጊዜ የአጻጻፍ ልዩነት ያለበት ነው። አንዱ ጽሕፈት ቤት «ሰሜን ወሎ»፣ ሌላው «ሠሜን ወሎ» ብሎ ቢመዘግብ አንባቢ አንድ ስም ያያል፤ ኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ይቆጥራል። «ላሊበላ» እና «ላልይበላ»ም እንዲሁ ናቸው። ከስሙ በፊት የገባ ባዶ ቦታ እንኳ ተመሳሳይ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። መፍትሔው አካባቢዎችን በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ማያያዝና ስሙን ከአንድ ማጣቀሻ ሠንጠረዥ ብቻ ማምጣት ነው።

ከላስታ ጋር በተያያዘ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የላሊበላ ከተማ የራሱ የከተማ አስተዳደር ያለው በመሆኑ በአንዳንድ መዛግብት ከላስታ ወረዳ ተለይቶ፣ በሌሎች ደግሞ በወረዳው ውስጥ ተጠቃልሎ ይገኛል። «ላስታ» ብሎ የመረጠ ተገልጋይ በአንዱ ግራፍ ከተማውን ጨምሮ፣ በሌላው ሳይጨምር ሊያይ ይችላል። ማጣሪያው በሁለቱም ላይ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ የሚያመለክቱት ድንበር አንድ አይደለም። ይህን በመጫን መለየት አይቻልም። በግራፉ ሥር ከሰፈረው ማብራሪያ ወይም ገጹን ካዘጋጀው ክፍል ማጣራት ያስፈልጋል።

አኃዙን በማመልከቻ ሲጠቅሱ

ከሪፖርት ገጽ የተወሰደ ቁጥር በማመልከቻ ወይም በአቤቱታ ላይ ሲጠቀስ የግራፉ ሙሉ ርእስ፣ በመምረጫ ሳጥኑ የተመረጠው አካባቢና ዓመት፣ እንዲሁም ገጹ የታየበት ቀን አብረው ይጻፋሉ። የገጹ ፎቶ የሚያያዝ ከሆነ የመምረጫ ሳጥኑ በፎቶው ውስጥ መታየት አለበት፤ ግራፉ ብቻ ተቆርጦ ሲቀርብ ጉዳዩን የሚመለከተው ባለሙያ ቁጥሩ የከተማው ይሁን የዞኑ ማረጋገጥ አይችልም። ግራፉ ለምርጫው የማይታዘዝ ሆኖ ከተገኘ የተመረጠው አካባቢ ስም፣ ያልተለወጠው ግራፍ ርእስና ከምርጫው በፊትና በኋላ የታየው ቁጥር ተጽፎ ገጹን ላዘጋጀው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይቀርባል።